ከ22 ኪሎ ወደ 12 ኪሎ

የሰፈራችን ባለሱቅ ጆንያ የሚመዝንበት ትልቅ ሚዛን አለው። ለስሜን ተራራ ጉዞ የሸከፍኩትን የጀርባ ቦርሳ ተሸክሜ ከቤቴ እስከ ሱቁ ድረስ፣ ሁለት መቶ እርምጃ ለማይሞላ መንገድ፣ ሁለት ጊዜ ቆሜ አረፍኩ። "ወንድሜ፣ ወፍጮ ቤት ነው መንገዱ?" አለኝ። ተጋግዘን ሚዛኑ ላይ አወጣነው። 22 ኪሎ ከ100 ግራም! ሃያ ሁለት ማዞሪያን አውቃለሁ፤ ሃያ ሁለት ኪሎን ግን በጀርባዬ ይዤ ተራራ ልወጣበት እንደነበር ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ጉዞው ከጥቂት ዓመታት በፊት በታኅሣሥ የተደረገ ነው። እኔና አንድ ጓደኛዬ ለአራት ቀንና ለሦስት ሌሊት በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ልንጓዝ አሰብን። ደባርቅ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበን፣ ስካውት ተመድቦልን፣ ከቡይት ራስ በእግር ተነሥተን የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃበር፣ ሁለተኛውን ግጭ፣ ሦስተኛውን ጨነቅ ልናድር። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነው፤ ግጭ 3,600 ሜትር ግድም። በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ የሚገኘው እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ይደርሳል። በደባርቅ በቅሎ መከራየት ይቻላል፤ አብዛኛው ተጓዥም እንደዚያ ያደርጋል፤ ልክም ነው። እኛ ግን ዕቃችንን በገዛ ጀርባችን ይዘን ልንሄድ ተማምለን ነበር። መሐላው የተገባው ቡና ላይ ሆነን ስለነበር የክብደቱ ነገር አልተነሣም።

መጠኑን በምን እንወስነው? ተራራ የለመዱ ሰዎች የሚከተሉት ቀላል ልኬት አለ፦ ለብዙ ቀን ጉዞ የሚሸከሙት ከራስ ክብደት አምስት አንድ እጅ ባይበልጥ ይመረጣል። እኔ 62 ኪሎ ስለሆንኩ አምስት አንዱ 12.4 ይሆናል። ጉርሻውን ትቼ 12 ላይ ቆረጥኩ። ቁጥሩ የመንግሥት አዋጅ አይደለም፤ ጉልበቱ የጠና 14 ይዞ ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን ግጭ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ አይሞላም፤ እዚያ የሚወጣ ዳገት አዲስ አበባ ላይ ቀላል የመሰለውን ኪሎ ሌላ መልክ ይሰጠዋል። ቁልቁለቱ ደግሞ ዋጋውን ከጉልበት መገጣጠሚያ ላይ ይቀበላል።

እስከዚያ ድረስ የሠራሁት ስሕተት የብዙ ሰው ስሕተት ነው። የሚያስፈልገኝን ሁሉ ወለል ላይ ደርድሬ፣ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ፣ በመጨረሻ መዘንኩ። ትክክሉን መንገድ ያሳየኝ ጓደኛዬ ነው። እሱ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ሲቆርጥ ዕድሜውን የገፋ። ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ መሃል ለመሃል መስመር አሰመረበት። "በመጀመሪያ ቋሚ ንብረትና አላቂ ዕቃ አትደባልቅ" አለኝ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። አላቂው ውሃና ስንቅ ነው፤ በየሰዓቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ነገር ግን እንደ ሸሚዝ ቤት ትቶት የሚሄድ የለም። ስለዚህ ከ12 ኪሎ ላይ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ሁለት ሊትር ያዝኩ፣ ሁለት ኪሎ። ስንቅ በቀን 600 ግራም፣ ለአራት ቀን 2,400። ድምሩ 4,400 ግራም። ከ12,000 ላይ ሲነሣ 7,600 ይቀራል። ድንኳኑ፣ ልብሱ፣ መብራቱ፣ ቦርሳው ራሱ፣ ቋሚ የተባለ ንብረት ሁሉ በዚህ 7,600 ግራም ውስጥ መግባት አለበት።

ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ሚዛን። የኩሽና ዲጂታል ሚዛን እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ለዚህ ሥራ ከዚያ የተሻለ ዕቃ የለም። ድንኳን ሲመዘን ዘንጉ፣ ካስማው፣ ገመዱና ከረጢቱ አብረው ይመዘኑ፤ ሻጮች ብዙ ጊዜ ከረጢቱንና ካስማውን ትተው ነው ክብደቱን የሚጽፉት። የሰው መመዘኛ ብቻ ካላችሁ ቦርሳውን ይዛችሁ፣ ከዚያ ያለ ቦርሳው ቆማችሁ ልዩነቱን ውሰዱ፤ ለድምሩ ይበቃል፣ ለካልሲ ግን አይሆንም።

መጀመሪያ አራቱን ትልልቆች መዘንን። የዱሮው ቦርሳዬ ባዶውን 2,400 ግራም። ለሁለት ሰው የሚሆነው ድንኳን 2,900። ስሊፒንግ ባግ 1,900። የሚጠቀለለው ስፖንጅ ፍራሽ 500። ጓደኛዬ ደምሮ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው፦ 7,700። አንድ ካልሲ እንኳ ሳይገባ ከተፈቀደልኝ በላይ ሆኛለሁ! የጥርስ ብሩሽ እጀታ እየቆረጡ ክብደት የሚቀንሱ ሰዎች አሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ይቁረጡ። ጉዳዩ የሚወሰነው ግን እነዚህ አራቱ ላይ ነው።

ድንኳኑን ሁለታችንም ልንይዝ አስበን ኖሯል፤ እሱ የራሱን፣ እኔ የራሴን። አንዱ ቀረ። ሸራውን አንዳችን፣ ዘንግና ካስማውን ሌላችን ስንይዝ በነፍስ ወከፍ 1,450 ደረሰን። ቦርሳዬን በውሰት በተገኘ 50 ሊትር በሚይዝ 1,500 ግራም ቦርሳ ለወጥኩ። ትንሽ ቦርሳ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቦታ ከሌለ ዕቃ አይጨመርም። ትልቅ ቦርሳ ግን ባዶ ጥግ ባየህ ቁጥር "ይቺን ደግሞ" ያሰኛል።

ስሊፒንግ ባጉ ላይ ተከራከርን። 1,900 ግራም ብዙ ነው፤ የላባው ዓይነት ለዚያው ሙቀት በጣም ይቀልላል፤ ዋጋው ግን የኔን ኪስ አያውቀውም። ሱቅ ውስጥ ቀለል ያለ አንድ ሌላ አገኘን፤ ምልክቱ ላይ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር በትልቁ ተጽፎበታል። ልብ ብለን ስናነበው ቁጥሩ የ"ኤክስትሪም" ነው፤ ማለትም ሰው እየተንቀጠቀጠ ሌሊቱን በሕይወት የሚያልፍበት እንጂ የሚተኛበት አይደለም። የሚታየው "ኮምፈርት" የሚለው ነው፤ የዚያኛው ኮምፈርት 8 ዲግሪ ነበር። በታኅሣሥ ግጭ ላይ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የኔው 1,900 ጸና። ፍራሹም አልተነካም፤ ከሥር ያለው የስሊፒንግ ባጉ ጥጥ በሰውነት ክብደት ተጨፍልቆ ሙቀት ስለማይዝ፣ ያለ ፍራሽ የተኛ ሰው ብርዱ የሚመጣው ከሰማይ ሳይሆን ከመሬት ነው። አራቱ ትልልቆች 5,350 ላይ ቆሙ።

ልብሱ ላይ ያመመኝ ጋቢው ነው። እናቴ የሰጠችኝ ጋቢ ነው፤ ብርድ አለ በተባለበት ቦታ ሁሉ አብሮኝ ሄዷል። ሚዛን ላይ ሳወጣው 1,600 ግራም። በዚህ ክብደት ስስ የሙቀት ጃኬት (450)፣ ሹራብ (350)፣ የዝናብ ጃኬት (350) እና ለሌሊት የሚለበስ ስስ ሙሉ የውስጥ ልብስ (400) ይገዛል፤ 50 ግራም መልስም አለው። ጋቢ በበቅሎ ለሚሄድ ሰው፣ ወይም እሳት ዳር ለሚቀመጥ፣ የሚተካው የለም። ለሚሸከመው ግን ሁለት ችግር አለበት፤ ክብደቱና ጥጥነቱ።

ስለ ጥጥ ብዙ ስለሚባል ራሴ ሞከርኩት። 180 ግራም የሚመዝን የጥጥ ቲሸርትና 150 ግራም የሚመዝን የመርካቶ የኳስ ማሊያ ባልዲ ውስጥ ነክሬ፣ ባለ በሌለ ጉልበቴ ጨምቄ መዘንኩ። ቲሸርቱ 390 ሆነ፤ ማሊያው 240። ማታ በረንዳ ላይ ሰቀልኳቸው፤ ጠዋት ማሊያው ደርቋል፣ ቲሸርቱ ብብቱ ሥር አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ዳገት ወጥቶ በላብ የራሰ ሰው አናት ላይ ሲደርስ ነፋስ ይቀበለዋል፤ ያን ጊዜ ጥጥ የለበሰና ማሊያ የለበሰ ሰው እኩል አይበርዳቸውም። ጂንሱ (700 ግራም)፣ አራቱ ቲሸርቶች፣ ፎጣው (600) እና ቅያሪ ጫማው (900) በዚህ ፍርድ ቤት ቀሩ። የተያዘው አንድ ቅያሪ ማሊያ 150፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ 140፣ የውስጥ ሱሪ 110፣ የሱፍ ኮፍያና ጓንት 130። ከላይ ካሉት ጋር ልብስ በጠቅላላው 2,080 ግራም።

እዚህ ላይ አንድ የማውቃት ማጭበርበር አለች። የለበሱት ስለማይቆጠር ሹራቡን በጠዋት ለብሶ ከዝርዝሩ መሰረዝ። ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ሹራቡ ወልቆ የት ይገባል? ቦርሳ ውስጥ። ስለዚህ ይቆጠራል። ከእግር የማይወልቀው ጫማ ብቻ ነው ያልተቆጠረው።

ጥቃቅኖቹ እንዲህ ናቸው፦ የግንባር ባትሪ 90፣ ፓወር ባንክ 220፣ መድኃኒትና ፋሻ 200፣ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽና ሶፍት 150፣ የፀሐይ ቅባት 80፣ የብረት ኩባያና ማንኪያ 130፣ ቢላ 60፣ ባዶ ሃይላንዶች 60፣ ለቆሻሻና ልብስ ከዝናብ ለመጠቅለል የሚሆኑ ወፍራም ፌስታሎች 60። ድምር 1,050። በመጀመሪያው ሽክፍ ላይ ይኸው ክፍል 3,200 ግራም ነበር፤ ትልቅ የሻምፖ ጠርሙስ፣ ድስት፣ የእጅ ፋኖስና ከጉዞው ውጭም ያልተነበበ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበሩበት።

ስንቁ ደስ የሚለኝ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም አያቶቻችን ይህን ሒሳብ ከኛ በፊት ሠርተው ጨርሰውታል። የሚከብደው ምግብ ውሃ ያለበት ምግብ ነው። እንጀራ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው፤ ድርቆሽ ሲሆን ውሃው ይቀርና እህሉ ይቀራል። የቀን 600 ግራማችን በሶ 200፣ ለውዝ የተቀላቀለበት ቆሎ 150፣ ዳቦ ቆሎ 100፣ ድርቆሽ 100፣ ስኳር 50 ነበር። ለእያንዳንዱ ቀን ለየብቻ በፌስታል ታሰረ፤ ካልሆነ የሦስተኛው ቀን ለውዝ በመጀመሪያው ቀን ያልቃል። ይህ ሁሉ እሳት አይፈልግም። ምድጃ፣ ነዳጅና ድስት ብንጨምር በነፍስ ወከፍ ግማሽ ኪሎ በላይ ይጨምርብን ነበር። ጎንደር ድረስ በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ደግሞ የጋዝ ቆርቆሮ ይዞ መሳፈር ክልክል ነው። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ሩዝም ሆነ ምስር ለመብሰል ብዙ ይቆያል፤ ነዳጁም በዚያው ልክ ይበላል። ዋጋውን ግን አልደብቅም፤ ውርጭ ባደረበት ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ በሶ መጠጣት ደስታ የለውም። ከሌላ ቡድን ማብሰያ አንድ ኩባያ ትኩስ ውሃ ለምነናል። የብረት ኩባያ የያዝነውም ለዚህ ዓይነት ልመና ነው።

ደመርን። 5,350፣ 2,080 እና 1,050፣ በጠቅላላው 8,480። የተፈቀደው 7,600 ነው። ገና 880 ግራም ትርፍ አለ። እዚህ ደረጃ ላይ ሰው የሚሳሳትበትን አይቻለሁ፤ ሰልችቶት እጁ መጀመሪያ ያገኘውን ያወጣል፤ ብዙ ጊዜም የሚወጣው የዝናብ ጃኬቱ ነው፣ "በጋ ነው" ተብሎ። ስሜን ላይ በበጋም በረዶና ዝናብ ሊወርድ ይችላል። የዝናብ ጃኬት፣ የሙቀት ጃኬት፣ የግንባር ባትሪና መድኃኒት ለድርድር አይቀርቡም።

መጀመሪያ ሁለታችንም የያዝነውን ድጋሚ ዕቃ ፈለግን። አንድ ፓወር ባንክ ለሁለት፣ አንድ የመድኃኒት ቦርሳ ለሁለት፣ አንድ ሳሙናና አንድ የፀሐይ ቅባት ለሁለት። ከእያንዳንዳችን 285 ግራም ወረደ፤ ቋሚው 8,195 ሆነ።

የቀረውን 595 ያገኘነው ከአላቂው ነው፤ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ እዚህ ላይ ነው ጎበዝነቱ። ሁለት ሊትር ውሃ በየቀኑ ያስፈልጋል ብዬ ነበር የጻፍኩት። እሱ ግን ቀን በቀን አየው። በመጀመሪያው ቀን ስንቁ ሙሉ ነው፣ መንገዱ ግን አጭር ነው፤ ሳንቃበር ውሃ አለ። ጠዋት ደህና አድርገን ጠጥተን 1.4 ሊትር ብንይዝ ቦርሳው 11,995 ግራም ይሆናል። በሁለተኛው ቀን 600 ግራም ስንቅ ተበልቷል፤ በእሱ ቦታ ሙሉ ሁለት ሊትር ውሃ ይገባል፣ ድምሩ አሁንም 11,995። በሦስተኛው ቀን፣ ከግጭ በእሜት ጎጎ አድርጎ ጨነቅ የሚደርሰው ረጅሙ መንገድ ነው፤ ሌላ 600 ስለጎደለ ሁለት ሊትር ተኩል ይዘንም 11,895 ነን። በበላነው ልክ ውሃ እየሞላን ከ12 ኪሎ ሳናልፍ ሄድን። ይህ የሚሠራው ግን ውሃ የት እንዳለ በእርግጠኝነት ለሚያውቅ ሰው ነው። በየካቲትና በመጋቢት ምንጮች ስለሚቀንሱ ስካውቱን ሳይጠይቁ ውሃ መቀነስ አደገኛ ቁጠባ ነው። የተቀዳውን በውሃ ማከሚያ እንክብል አክመን ግማሽ ሰዓት እንጠብቅ ነበር፤ ውሃው በጣም ሲቀዘቅዝ ከዚያም በላይ። እንክብሎቹ ሚዛኑ ላይ ቁጥር አላሳዩም።

ሽክፉ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። 12 ኪሎም ቢሆን በትከሻ ብቻ ከተያዘ 20 ኪሎ ይመስላል። ከባዱ፣ ማለትም ውሃና ስንቅ፣ ከጀርባ ተጠግቶ ከወገብ በላይ ይቀመጥ፤ ስሊፒንግ ባግ ከታች። የወገቡ ማሰሪያ ሆድ ላይ ሳይሆን የዳሌ አጥንት ላይ ይታሰር። መንገድ ላይ ጣት የሚደነዝዝ ከሆነ ክብደቱ ትከሻ ላይ ነው ማለት ነው፤ ቆሞ ማስተካከል ነው። ቀና ብሎ መሄድ አቅቶት ወደ ፊት የጎበጠ ሰው ደግሞ ወይ በዝቶበታል፣ ወይ ከባዱን ውጭኛው ኪስ አስቀምጧል።

ቡይት ራስ ላይ በቅሎ ሲጭን ያገኘነው ሰው ቦርሳዬን አንሥቶ መዘነው፤ በእጁ። "ትሄዳለህ፤ የኔዋ ግን በዚህ ትስቅብህ ነበር" አለኝ።

ጅንባርን ተሻግረን ወደ ግጭ ስንወጣ ሁለት ጊዜ አርፌያለሁ፤ ባለሱቁ ጋ ለመድረስ ያረፍኩትን ያህል ማለት ነው። ግጭ ላይ ያን ሌሊት ያለኝን ሁሉ ለብሼ፣ ኮፍያና ጓንት ጭምር፣ ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ገብቼ ተኛሁ። ጠዋት ድንኳኑ ላይ ውርጭ ነበር፤ ውጭ ያደረው ሃይላንድ አፉ ላይ በረዶ ይዟል። ጋቢዬን አላስታወስኩትም ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ከጉዞ ስትመለሱ ቦርሳውን ከማራገፋችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ዕቃውን ሦስት ቦታ ክፈሉት፤ በየቀኑ የተነካ፣ አንዴ የተነካ፣ ጭራሽ ያልተነካ። ከመድኃኒትና ከዝናብ ጃኬት በቀር ሦስተኛው ክምር ለሚቀጥለው ጊዜ ቤት ይቀራል። የኔው ክምር ላይ ቅያሪው ማሊያና አንዱ ጥንድ ካልሲ ነበሩ፤ 220 ግራም።

ወደ ስሜን ልትነሡ ከሆነ በመጀመሪያ የመንገዱን ሁኔታ ደባርቅ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ ሚዛን አውጡ። እኔ እንደተመለስኩ ቦርሳዬን ይዤ ባለሱቁ ጋ ሄድኩ። ውሃውም ስንቁም አልቆ፣ ይዘነው የወጣነው ቆሻሻ ፌስታል ውስጥ ታስሮ፣ 8 ኪሎ ከ400 ግራም መዘነ።